መጨረሻ የተቀመጠው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 1999 አልታቪስታ የተባለው የፍለጋ አገልግሎት ድረ ገጾችን አስሶ 203 ሚሊዮን ገጾችንና በመካከላቸው የተዘረጉ 1.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ማያያዣዎችን መዘገበ። የአልታቪስታ፣ የአይቢኤምና የኮምፓክ ተመራማሪዎች ይህን መዝገብ ይዘው አንድ ጥያቄ አነሱ። ከአንድ ገጽ ተነስቶ ማያያዣ እየተጫኑ በመሄድ ወደ ሌላው ገጽ መድረስ ይቻላል ወይ? መልሱን በ2000 አሳተሙ። ሁለት ገጾች በዕጣ ቢወጡ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርስ መንገድ የሚገኘው ከመቶ 24 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። መሃል ላይ ግን ለየት ያለ ስብስብ አለ። 56 ሚሊዮን ገጾች በሙሉ እርስ በርስ ይደራረሳሉ፤ ከየትኛውም ተነስቶ ወደ የትኛውም መሄድ፣ ከዚያም መመለስ ይቻላል። ሌሎች 44 ሚሊዮን ያህል ገጾች ወደዚህ መሃል ያስገባሉ፤ ከመሃሉ ወደ እነሱ መመለሻ ግን የለም። 44 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ በተቃራኒው ከመሃሉ ይደረስባቸዋል እንጂ ወደ መሃሉ አይመልሱም።

ያ የመሃል ስብስብ በግራፍ ጥናት ጥብቅ ቡድን የምንለው ነው። ግራፍ ማለት እዚህ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ ቀስቶች ናቸው። ቀስት አቅጣጫ አለው፤ ከሀ ወደ ለ የሚሄድ ቀስት ከለ ወደ ሀ አይመልስም፣ ልክ እንደ አንድ አቅጣጫ መንገድ። ሁለት ነጥቦች በአንድ ጥብቅ ቡድን ውስጥ ናቸው የሚባለው አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደዚያኛው መድረስ ሲችል ነው። ቀጥታ ቀስት ባይኖራቸውም ግድ የለም፤ ዞሮ መድረስም መድረስ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድና የአንድ ብቻ ቡድን አባል ይሆናል፤ ከማንም ጋር መመላለስ የማይችል ነጥብም ብቻውን አንድ ቡድን ነው።

ትርጉሙ ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ ቡድኖቹን በብዙ ሚሊዮን ነጥቦች መካከል ለይቶ ማውጣት ነው። መጀመሪያ የሚመጣልን ዘዴ ከእያንዳንዱ ነጥብ ተነስቶ የሚደረስበትን ሁሉ መመዝገብ፣ ከዚያም መዝገቦቹን ማመሳከር ነው። ይህ ዘዴ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ችግሩ ቶሎ አለማለቁ ነው። ጉግል በ2002 ለፕሮግራም አዘጋጆች ውድድር የለቀቀውና ዛሬም ለመለማመጃ የሚያገለግለው የድረ ገጾች ግራፍ 875,713 ነጥቦችና 5,105,039 ቀስቶች አሉት። ከእያንዳንዱ ነጥብ እየተነሱ ቀስቶቹን እንደ አዲስ መከተል በከፋው ሁኔታ ከ4 ትሪሊዮን በላይ እርምጃ ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራለት ዘዴ ግን ያንኑ ግራፍ በ12 ሚሊዮን እርምጃ ገደማ ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን ነጥብና እያንዳንዱን ቀስት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው።

ዘዴው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ራኦ ኮሳራጁ ስም ጋር ይነሳል። ኮሳራጁ በ1978 ቢደርስበትም አላሳተመውም፤ ሰዎች የእሱ መሆኑን ያወቁት አሆ፣ ሆፕክሮፍትና ኡልማን በ1983 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ስሙን ስላነሱ ነው። ሚካ ሻሪር ደግሞ ለብቻው ደርሶበት በ1981 አሳተመ። ሻሪርን ወደዚህ ያመጣው የድረ ገጽ ጉዳይ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ድረ ገጽ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። የእሱ ሥራ ኮምፓይለሮች አንድን ፕሮግራም ሲመረምሩ መረጃ በፕሮግራሙ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ስለሚከታተሉበት መንገድ ነበር።

ዘዴው በእጅ ሲሠራ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ በሚማሩ ወጣቶች ክፍል ነው። መምህሩ ኮምፒውተሮቹን አስዘጉ። ስምንት ተማሪዎችን አስነስተው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ሰጡ፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ። ከወረቀቱ ጀርባ የዚያ ፊደል ቀስቶች ወደ ማን እንደሚሄዱ ተጽፏል። ጥቁር ሰሌዳው ላይም ዝርዝሩ ሰፈረ፤

```
ሀ → ለ
ለ → መ, ረ
መ → ሀ, ሸ
ረ → ሰ
ሰ → ረ, በ
ሸ → ቀ
ቀ → ሸ, በ
በ →
```

ዘጠነኛዋ ተማሪ ተጓዥ ሆነች፤ ጠመኔ ያዘች። ሕጉን መምህሩ እንዲህ ብለው አስረዷት። «ወደ አንዱ ትሄጂና በወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ። እሱ ቀስቶቹን ያነብልሻል። ገና ምልክት ያልተደረገበት ካለ ወዲያው ወደዚያ ትሻገሪያለሽ። የቀረ ከሌለው ይቀመጣል፤ አንቺም ወደ እሱ ከላከሽ ሰው ትመለሺያለሽ።» ይህ ዲኤፍኤስ የሚባለው ፍለጋ ነው። መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ ወደ ጥልቁ ይገባል፤ ሲዘጋበት አንድ እርምጃ ብቻ ይመለስና የቀረ መውጫ ይፈልጋል።

መምህሩ ከሀ እንድትጀምር አልፈቀዱላትም። «ከየትም ብትጀምሪ ይሠራል፤ ስለዚህ ከመሃል ጀምሪ» አሏትና ወደ ረ ላኳት። ረ ወደ ሰ ላካት። ሰ መጀመሪያ ያነበበው ረን ነው፤ ረ ግን ምልክት አለበት። ቀጥሎ በን አነበበ። በ ምንም ቀስት ስለሌለው ተቀመጠ። ወደ ሰ ተመለሰች፤ ሰም የቀረው ስለሌለ ተቀመጠ። ረም እንዲሁ። አምስቱ ግን እንደቆሙ ናቸው። ተጓዧ ያልተነካ ሰው ፈልጋ ከሀ እንደገና ተነሳች። ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ መ አለፈች። መ ወደ ሀ መመለስ ቢፈልግ ሀ ምልክት አለበት፤ ስለዚህ ወደ ሸ ላካት። ሸ ወደ ቀ። የቀ ሁለት ቀስቶች ሸና በ ሁለቱም ተነክተዋል፤ ቀ ተቀመጠ። ከዚያ ሸ፣ መ፣ ለ፣ በመጨረሻም ሀ ተቀመጡ።

ሰሌዳው ላይ የቀረው የአቀማመጣቸው ተራ ነበር፤ በ፣ ሰ፣ ረ፣ ቀ፣ ሸ፣ መ፣ ለ፣ ሀ። መምህሩ ከዚህ ሁሉ ጉዞ እንዲቆይ የፈለጉት ይህን አንድ መስመር ብቻ ነው። ማን ማንን እንደላከ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳች፣ ሌላው በሙሉ ተደመሰሰ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ስምንቱ እንደገና ቆሙ፤ ቀስቶቹ በሙሉ ተገለበጡ። ከሀ ወደ ለ ይሄድ የነበረው አሁን ከለ ወደ ሀ ይሄዳል። ጉዞው መጨረሻ ከተቀመጠው ይጀምራል፤ ከሀ። በተገለበጠው ግራፍ ሀ ወደ መ፣ መ ወደ ለ ይልካል፤ ለ ወደ ሀ ነው፣ ተነክቷል። መንገዱ እዚህ ላይ አለቀ። ሦስቱ፣ ሀ፣ መና ለ፣ አንድ ቡድን ናቸው። ከዚያ የአቀማመጡን ተራ ከኋላ ወደ ፊት እያዩ ያልተነካውን መፈለግ ነው። ለና መ ተነክተዋል፤ ቀጣዩ ሸ ነው። ሸ ወደ መ ሊልክ ቢሞክር መ ተነክቷል፤ ወደ ቀ ላከ፣ ቀም ወደ ሸ ይመልሳል። ሁለተኛው ቡድን ሸና ቀ ሆኑ። ቀጥሎ ረ፤ ወደ ለ ቢሞክር ተነክቷል፣ ወደ ሰ ይሄዳል። ረና ሰ ሦስተኛው ቡድን ናቸው። የቀረው በ ወደ ሰና ወደ ቀ ቢያመለክትም ሁለቱም ተይዘዋል፤ ብቻውን አራተኛ ቡድን ሆነ።

አራት ቡድን። ዝርዝሩን በዓይን የተከታተለ ሰው ትክክል መሆኑን ያያል። ክፍሉ ውስጥ ግን አንዲት ተማሪ አልተዋጠላትም።

«መምህር፣ መገልበጡ ለምን አስፈለገ? ያልተገለበጠውን ይዘን መጀመሪያ ከተቀመጠው ብንጀምርስ?»

ይህ ጥያቄ ስለዘዴው ከሚጠየቁት ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም። መጀመሪያ የተቀመጠው በ ነው፤ ከበ የሚወጣ ቀስት የለም። ከማያስወጣው ጫፍ ብንጀምር ጉዞው ወደ ሌላ ቡድን ሊያመልጥ አይችልም፤ ስለዚህ መገልበጥ ለምን? መምህሩ ክርክር ውስጥ ሳይገቡ «እንሞክረው» አሉ። ቀስቶቹ ወደ ቀድሞ አቅጣጫቸው ተመለሱ። ከበ ጀመሩ፤ በ ብቻውን ቀረ። ከሰ ጀመሩ፤ ሰና ረ ወጡ። ከቀ ጀመሩ፤ ቀና ሸ ወጡ። ከመ ጀመሩ፤ መ፣ ሀና ለ ወጡ። ያው አራት ቡድን፣ ያለ ምንም መገልበጥ።

ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍተው ሦስት ፊደል ብቻ ጻፉ፤

```
ሀ → ለ, መ
ለ → ሀ
መ →
```

ሀና ለ ይመላለሳሉ፤ መ ብቻውን ነው። መልሱ ሁለት ቡድን መሆን አለበት። ተጓዧ ከሀ ተነሳች። ሀ መጀመሪያ ያነበበው ለን ነው። ለ ወደ ሀ ቢያመለክት ሀ ተነክቷል፤ ለ ተቀመጠ። ከዚያ ሀ ወደ መ ላካት፤ መ ተቀመጠ፣ በመጨረሻም ሀ። መጀመሪያ የተቀመጠው ለ ነው። አሁን በተማሪዋ ሐሳብ መሠረት ሳይገለብጡ ከለ ይጀመር፤ ለ ወደ ሀ፣ ሀ ወደ መ። ሦስቱም በአንድ ቡድን ተጠቃለሉ። ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ከመ ወደ የትም መመለስ አይቻልም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የተቀመጠ ነጥብ ቀድሞ የተቀመጠው ቡድኑ የማያስወጣ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ የእሱ ቀስቶች ቀደም ብለው የተነኩ ስለሆኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለ የተቀመጠው ወደ መ የሚወስደው መውጫ በባልደረባው በሀ እጅ ስላለና ሀ ገና ስላልጨረሰ ነው። መጀመሪያ መቀመጥ ስለ ቡድኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም። መጨረሻ መቀመጥ ግን ይሰጣል። ሁለቱ ጫፎች እኩል አይደሉም፤ አልጎሪዝሙ የቆመውም በዚህ አለመመጣጠን ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ሁለት ቡድኖችን ብቻ እናስብ፤ አንዱን ላይኛው፣ ሌላውን ታችኛው እንበላቸው። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚሄድ ቀስት አለ። ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚመለስ መንገድ ግን የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሁለቱ አንድ ቡድን ይሆኑ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ጉዞ ከሁለቱ ወደ አንዱ ቀድሞ መግባቱ አይቀርም።

ቀድሞ የገባው ወደ ላይኛው ከሆነ፣ መጀመሪያ የተነካው የላይኛው ነጥብ ሌሎቹን ሁሉ ከታቹ ይዟል። ከእሱ ወደ ራሱ ቡድን አባላት በሙሉ፣ በዚያች ቀስት በኩል ደግሞ ወደ ታችኛው አባላት በሙሉ መድረስ ይቻላል፤ አንዳቸውም ገና አልተነኩም። ስለዚህ እነሱ ሁሉ ሳይቀመጡ እሱ አይቀመጥም። ከሁለቱ ቡድን መጨረሻ የሚቀመጠው የላይኛው አባል ነው። በክፍሉ ጉዞ ከሀ ተነስታ በመ በኩል ወደ ሸና ቀ ስትወርድ የሆነው ይህ ነው።

ቀድሞ የገባው ወደ ታችኛው ከሆነም ውጤቱ አይለወጥም። ከታችኛው ወደ ላይኛው መውጫ ስለሌለ ጉዞው ታችኛውን በሙሉ ሳይጨርስና ሳያስቀምጥ ወደ ላይኛው አይገባም። ላይኛው የሚጀመረው ዘግይቶ ነው፤ የሚያበቃውም ዘግይቶ ነው። መምህሩ ከረ ያስጀመሩበት ምክንያት ይህን ለማሳየት ነበር። ረና ሰ ከእነ ሀ በታች ናቸው፤ ቀድመው ቢነኩም ቀድመው ተቀመጡ።

ስለዚህ በየትኛውም ሁኔታ፣ ቀስት ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ ከሄደ፣ ከሁለቱ መጨረሻ የሚቀመጠው ቀስቱ ከተነሳበት ቡድን ነው። ከሁሉም መጨረሻ የተቀመጠው ነጥብ እንግዲህ ከሌላ ቡድን ቀስት የማይመጣበት ቡድን አባል ነው። ቀስቶቹ ሲገለበጡ ደግሞ ቀስት የማይገባበት ቡድን ቀስት የማይወጣበት ይሆናል። ከእሱ የተጀመረ ጉዞ የራሱን ቡድን ይሰበስባል እንጂ ሊያመልጥ አይችልም። ያ ቡድን ከተያዘ በኋላ ከቀሩት መካከል መጨረሻ የተቀመጠውም እንዲሁ ነው፤ ሊያመልጥ የሚችለው ቀድሞ ወደተያዘ ቡድን ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ ምልክቱ ያግደዋል። ሸ ወደ መ፣ ረ ወደ ለ ሊልኩ ሲሞክሩ የታገዱት በዚህ ነው። መገልበጡ ቡድኖቹን ራሳቸውን አይነካም፤ መመላለስ የሚችሉ ሁለት ነጥቦች ቀስቱ ሁሉ ቢገለበጥም መመላለሳቸው ይቀጥላል።

ሰዎች ይህን በኮድ ሲጽፉ በብዛት የሚሳሳቱት ነጥቡን በመቀመጫው ፋንታ በመግቢያው በመመዝገብ ነው። በክፍሉ ግራፍ የመግባቱ ተራ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሸ፣ ቀ ነበር። ይህን ከኋላ ወደ ፊት ተከትለን በተገለበጠው ግራፍ ከቀ ብንጀምር ጉዞው ወደ ሸ፣ ከሸ ወደ መ፣ ከዚያ ወደ ለና ሀ ያልፋል። አምስት ፊደል በአንድ ቡድን! ከዚያ በ ሰንና ረን ይዞ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ሁለት ቡድን አገኘሁ ብሎ ያበቃል። ከቀ ወደ ሀ የሚወስድ መንገድ እንደሌለ ዝርዝሩን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ግን አይነግረንም።

ይህ ስህተት በትልቅ ግራፍ ላይ ባልታሰበ በር ይመለሳል። ዲኤፍኤስን መጀመሪያ የምንማረው ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን ነው፤ አጭርና ግልጽ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥሪ ያልተዘጋ እርምጃ ነው፤ ፓይተን ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር ከ1000 ጥሪ በላይ አይፈቅድም። በጉግል ግራፍ ላይ ጉዞው ከዚያ በጣም የረዘመ ጥልቀት ውስጥ ስለሚገባ `RecursionError: maximum recursion depth exceeded` ብሎ ይቆማል። ገደቡን በ`sys.setrecursionlimit` ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል፤ በቀደሙት የፓይተን እትሞች ግን የማሽኑ ስታክ ራሱ ሞልቶ ፕሮግራሙ መልእክት እንኳ ሳይሰጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ስታኩን በገዛ እጅ መያዝ ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው አሮጌው ስህተት የሚመለሰው። ብዙ ሰው ነጥቡን ከስታክ ያወጣል፣ ይመዘግበዋል፣ ጎረቤቶቹን በሙሉ ይከምራል፣ ይቀጥላል። ያ የመግቢያ ተራ ነው። አንድ ነጥብ መቀመጥ ያለበት ከእሱ የተሻገርንባቸው ጎረቤቶች በሙሉ ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ስታኩ ውስጥ መቆየት፣ ቀስቶቹን እስከየት እንዳነበበም ማስታወስ አለበት። የመጀመሪያው ዙር በፓይተን ይህ ነው፤

```python
def finish_order(graph):
    seen, out = set(), []
    for root in graph:
        if root in seen:
            continue
        seen.add(root)
        stack = [(root, iter(graph[root]))]
        while stack:
            v, it = stack[-1]
            for w in it:
                if w not in seen:
                    seen.add(w)
                    stack.append((w, iter(graph[w])))
                    break
            else:
                stack.pop()
                out.append(v)
    return out
```

`iter` እያንዳንዱ ነጥብ ንባቡን ካቆመበት እንዲቀጥል ያደርጋል። `else` የሚሠራው ንባቡ ያለ `break` ሲያልቅ፣ ማለትም ያልተነካ ጎረቤት ሲጠፋ ብቻ ነው። `out.append(v)` ያለበት ቦታ የተማሪው መቀመጫ ነው፤ ከ`else` ሥር ቢወጣ መልሱ ይበላሻል። በ`graph` ውስጥ ምንም ቀስት የሌላቸው ነጥቦችም ባዶ ዝርዝር ይዘው መግባት አለባቸው፤ በ ከዝርዝሩ ቢቀር ኖሮ ሰ ወደ እሱ ሲልክ ፕሮግራሙ `KeyError` ብሎ ይወድቅ ነበር።

መልሱ ትክክል መሆኑን የምናውቅበት መንገድም ከዘዴው ራሱ ይወጣል። ቡድኖቹን በወጡበት ተራ ቁጥር እንስጣቸው፤ እነ ሀ 1፣ እነ ሸ 2፣ እነ ረ 3፣ በ 4። በመጀመሪያው ግራፍ ያለ ማንኛውም ቀስት ወይ በዚያው ቡድን ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ከትንሽ ቁጥር ወደ ትልቅ ይሄዳል። ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚመለስ አንድ ቀስት እንኳ ከተገኘ ስህተት አለ። ይህ ፍተሻ አንድ ቡድን ያለ አግባብ መከፈሉን ይይዛል፤ ሁለት ቡድኖች መቀላቀላቸውን ግን አይይዝም። ቀን ከሀ ጋር የቀላቀለው የተሳሳተ መልስ ይህን ፍተሻ በሰላም ያልፋል። ለዚያ ሁለተኛ ፍተሻ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ቡድን ከጀመረበት ነጥብ ተነስተን፣ ባልተገለበጠው ግራፍ፣ ከቡድኑ ሳንወጣ አባላቱን በሙሉ መድረስ አለብን። ከቀ ተነስተን ስንሞክር ከሸ አናልፍም፤ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ሁለቱም ፍተሻዎች ግራፉን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያዩ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ ማንም ሊዘላቸው አይገባም እላለሁ።

ያ የቁጥር ተራ ለፍተሻ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። እያንዳንዱን ቡድን ወደ አንድ ነጥብ ብንጨምቀው የሚቀረው ግራፍ ዑደት የለውም፤ ቡድኖቹም የሚወጡት ቀስት በሚሄድበት አቅጣጫ ተሰልፈው ነው። ኮምፒውተር ላይ አንዱ የሌላውን ውጤት የሚጠብቁ ሥራዎችን የሚያስተዳድር ሰው እርስ በርስ እየተጠባበቁ የተቆላለፉትን በአንድ ቡድን፣ የቀሩትን ደግሞ በሚሠሩበት ተራ ያገኛቸዋል።

ዘዴው ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የተገለበጠውን ግራፍ መያዝ የቀስቶቹን ማኅደረ ትውስታ እጥፍ ያደርጋል፤ ለጉግል ግራፍ ይህ ምንም አይደለም፣ በቢሊዮን ለሚቆጠር ቀስት ግን ከባድ ነው። ሮበርት ታርጃን ደግሞ ከኮሳራጁ ቀድሞ፣ በ1972፣ ሳይገለብጥ በአንድ ዙር ብቻ የሚጨርስ አልጎሪዝም አሳትሞ ነበር። ሁለቱም ጊዜያቸው ከነጥቦቹና ከቀስቶቹ ድምር ጋር ብቻ ያድጋል፤ የታርጃን ግን አንዱን ዙር ይቆጥባል። ለዚያ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ነጥብ ተጨማሪ ቁጥር መያዝና በጉዞው መካከል በጥንቃቄ ማደስ ነው፤ ትክክለኛነቱን በቃል ለማስረዳትም ከባድ ነው። ማኅደረ ትውስታ ለጠበበበት ወይም ፍጥነት ለሚያስጨንቀው ሰው የታርጃንን እመርጣለሁ። ለመማር፣ ለማስተማርና ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ለሚነበብ ኮድ ግን የኮሳራጁና የሻሪር ሁለት ዙር ይሻላል፤ ማስረጃው በአንድ ማታ ክፍል ውስጥ በስምንት ወረቀት ተሠርቶ ያለቀ ነው።

በጉግል ግራፍ ላይ ሲሠራ ትልቁ ጥብቅ ቡድን 434,818 ገጾች ሆኖ ይወጣል፤ ከጠቅላላው ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ፕሮግራም ጽፋችሁ ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ ያቺን ሦስት ፊደል ያላት ግራፍ፣ ቀጥሎም ስምንት ፊደል ያላትን ስጡት። ለእያንዳንዳቸው ሁለትና አራት ቡድን ካልመለሰ `out.append` የተጻፈበትን መስመር ፈትሹ።